ከስክሪንሾት ላይ የግርጌ ጽሑፍ ሲቆርጡ የሚሠሩ ስህተቶች

ከቪዲዮ ላይ የሚነሣ ስክሪንሾት ብዙ ጊዜ የተናጋሪው ስም የተጻፈበትን ወይም የማጫወቻው ቁልፎች ያሉበትን ጥብጣብ በግርጌው ይዞ ይመጣል። ጥብጣቡን ቆርጦ መጣል ማንንም አያቅትም፤ ስህተቱ የሚጀምረው በሚተርፈው ቅርጽ ላይ ነው።

ደጋግሜ አይቼ የሰለቸኝ ስህተት የጎደለውን ቁመት በመለጠጥ መሙላት ነው። 1920 በ1080 ፒክስል ከሆነ ምስል ግርጌ 120 ፒክስል ሲቆረጥ 1920 በ960 ይቀራል። ይህን ወደ 1080 ቁመት ስበው ሲመልሱት፣ ስፋቱ ባለበት ቆሞ ቁመቱ ብቻ በ12.5 በመቶ ስለሚረዝም፣ ክቡ ሰዓት እንቁላል ይመስላል፤ የሰውም ፊት ይሞገጋል። እኔም ጀማሪ ሳለሁ በአንድ የዕድር ስብሰባ ላይ የተናገሩ አዛውንትን ምስል እንዲሁ ስቤ ለጠፍሁ። ልጃቸው ደውላ «አባባ እንዲህ የከሱት መቼ ነው?» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ።

መፍትሔው ከስፋቱም በልኩ መቀነስ ነው። ምስሉ 16 ለ 9 ሆኖ እንዲቆይ ከተፈለገ፣ 960 በ16 ተባዝቶ ለ9 ሲካፈል 1706 ገደማ ስለሚሆን፣ ከጎን 214 ፒክስል ያህል ይወጣል። ይህንንም ከግራና ከቀኝ እኩል ማውጣት ግዴታ አይደለም፤ ባዶ ግድግዳ ካለበት ጎን ይውሰዱ። ለኢንስታግራም 4 ለ 5 ከፈለጉ ግን ስፋቱ 768 ብቻ ስለሚሆን፣ ወደ 1080 በ1350 ሲያድግ 1.4 እጥፍ ተነፍቶ ይደበዝዛል። እንዲህ ላለው ምስል 960 በ960 የሆነውን አራት ማዕዘን እመርጣለሁ።

ሁለተኛው ስህተት የቅደም ተከተል ነው፤ የስፋትና የቁመቱን ምጥጥን ሳይመርጡ መቁረጥ። በመጀመሪያ በክሮፕ መሣሪያው ላይ ምጥጥኑን መርጠው ይቆልፉ፤ ከዚያ የሳጥኑ የታች ጠርዝ ከጥብጣቡ በላይ እስኪሆን ድረስ ሳጥኑን ያሳንሱና ያንቀሳቅሱ። በዘፈቀደ የተቆረጠ ምስል ከሆነ ግን ማኅበራዊ ገጹ በራሱ ልክ ደግሞ ይቆርጠዋል፤ ያኔ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ የሰው አናት ነው።

የጥብጣቡ ጠርዝ ደብዛዛ ጥላ ስለሚኖረው፣ ምስሉን በደንብ አቅርበው አራት አምስት ፒክስል ከፍ አድርገው ይቁረጡ።

የተናጋሪው እጅ ወይም አገጭ በጥብጣቡ ከተሸፈነ ደግሞ መቁረጡን ይተዉት። ማውሱን ለጥቂት ሰከንድ ሳይነኩ ሲቆዩ የማጫወቻው ቁልፎች አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋሉ፤ የስም ጽሑፉም ከሆነ ቪዲዮውን ትንሽ ወደፊት ገፋ አድርገው ሌላ ስክሪንሾት ያንሡ። ስሙ ከምስሉ ከወጣ በኋላ ከልጥፉ ጋር በሚሄደው ጽሑፍ ውስጥ መግባት አለበት፤ እኔ ከመቁረጤ በፊት ስሙን ጽፌ እይዘዋለሁ።