ኢንተርኔት ሲቆራረጥ ለአቅራቢው ደብዳቤ እንዴት ይጻፋል

"ኢንተርኔቱ አይሰራም" ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ ባለሙያው ጠዋት 4 ሰዓት ላይ መጥቶ ይሞክረዋል፣ በዛ ሰዓት ደግሞ ጥሩ ይሰራል፣ "ምንም የለውም" ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ ደብዳቤው ፓኬቱ፣ ማለትም በመስመሩ የሚላከው የዳታ ቁራጭ፣ መቼና የት ጋ እንደሚጠፋ ማሳየት አለበት።

መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ከራውተሩ ጋ በኬብል አገናኙት፣ በዋይፋይ ከለካችሁ ጥፋቱን ግድግዳችሁ ላይ ነው የሚያላክኩት። ከዛ በሚያስቸግርበት ሰዓት ዊንዶውስ ላይ ሁለት ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍታችሁ እነዚህን እኩል አስነሷቸው፦

```
ping -n 300 192.168.1.1
ping -n 300 8.8.8.8
```

ፒንግ 300 ፓኬት ልኮ ስንቱ እንደተመለሰ ይቆጥራል። አንደኛው ራውተሩ ነው፣ አድራሻው ከተለየ `ipconfig` ስትሉ `Default Gateway` ከሚለው ጎን አለ፣ ሁለተኛው የጎግል ሰርቨር ነው። ደብረ ማርቆስ ዘመዴ ቤት ማታ ስንለካ ከራውተሩ 300ውም ተመለሰ፣ ከጎግል ግን 276 ብቻ፣ 24 ጠፋ ማለት 8% ነው። ጠዋት ሲደገም 0%። ቤቱ ነፃ ወጣ።

አሁን የት ጋ እንደሚጠፋ ለማየት መንገዱ ላይ ያሉትን መሣሪያዎች በተራ የሚዘረዝረውን ትሬስራውት አስነሱ፦

```
tracert -d 8.8.8.8
```

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ መሃል ላይ `* * *` ያይና "አገኘሁት!" ይላል። ከሱ በታች ያሉት መስመሮች እየመለሱ ከሆነ ያ መሣሪያ ለኛ መልስ አልሰጥም አለ እንጂ ፓኬቱን አሳልፎታል። ደሞ ትሬስራውት ለየመሣሪያው 3 ጊዜ ብቻ ስለሚልክ 8% አይታይበትም። ይልቅ 2ኛው መስመር ላይ ያለውን አድራሻ፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ የአቅራቢውን የመጀመሪያ መሣሪያ፣ ከጎግል ጋ እኩል 300 ጊዜ ፒንግ አድርጉት። ዘመዴ ቤት እሱም ጋ 8% አካባቢ ጠፋ፣ ስለዚህ ችግሩ ከቤቱ እስከዛ መሣሪያ ባለው መሃል ነው ለማለት ያስደፍራል። እሱ ጋ ጠፍቶ ጎግል ጋ ካልጠፋ ግን ጥፋት አይደለም፣ ተዉት። የመዳብ ገመድ ከሆነ ክረምት ላይ ዝናብ መኖር አለመኖሩንም ጻፉ፣ ውሃ የገባበት መጋጠሚያ እንደዛ ያደርጋል።

ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር አስቀምጡ። ማታ 2:15 ብቻ ካላችሁ የሲስተሙን መዝገብ የሚያየው ሰው ሌሊቱን ሊፈልግ ይችላል። ደብዳቤው ይሄን ያህል ይበቃዋል፦

"ጉዳዩ፦ የሚቆራረጥ የኢንተርኔት መስመር እንዲፈተሽ ስለመጠየቅ

ከላይ በተጠቀሰው የአገልግሎት ቁጥር የምጠቀምበት መስመር ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት (20:00–22:00) ፓኬት ያጠፋል። በኬብል ሲለካ እስከ ራውተሩ 0%፣ ከራውተሩ ቀጥሎ ባለው መሣሪያችሁ ላይ 8% ጠፍቷል። ጠዋት 0% ነው። ስለሆነም መስመሩ በተጠቀሰው የምሽት ሰዓት እንዲፈተሽልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አባሪ፦ የፒንግና የትሬስራውት ውጤት"

ቀን፣ ስም፣ የአገልግሎት ቁጥር፣ ስልክና ፊርማ እንዳይረሳ። ሁለት ኮፒ አድርጋችሁ መዝገብ ቤት አስገቡ፣ በእጃችሁ የሚቀረው ላይ የገቢ ቁጥርና ማህተም ሳይደረግበት ግን እንዳትወጡ፣ ሁለተኛ ደብዳቤ መጻፍ ካስፈለገ የምትጠቅሱት እሱን ቁጥር ነው።