የደበዘዘ ስካን ስታሳጥሩ ክፍተቱን አትሙሉት

ባሕር ዳር ላይ የድሮ ቃለ ጉባኤ ስካን አድርጋችሁ ፍሬ ሐሳቡን ለማውጣት ከተቀመጣችሁ ይቺን ያዙልኝ። በአማርኛ ትልቁ አደጋ ግሱን አሉታዊ የሚያደርገው «አል» ላይ ነው።

የጣና ዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ቃለ ጉባኤ ነው እንበል። ጽሑፍ ከምስል የሚያወጣው ፕሮግራም «ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ …ተፈቀደ…» ብሎ ሰጣችሁ። ከቃሉ ፊትም ኋላም ቀለሙ ፈሷል። እንግዲህ «ተፈቀደ» ነው ወይስ «አልተፈቀደም»? ሦስት ፊደል ውሳኔውን ይገለብጠዋል።

መጀመሪያ ወደ ምስሉ ተመለሱ። አጉልታችሁ ከ«ተ» በፊት ሁለት ፊደል የሚይዝ ቦታ መኖሩን እዩ። ቦታው ካለ ፍንጭ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ የቀደመው ቃል ጫፍም ሊሆን ይችላል። «ም» ብቻ ብትታይም አትቸኩሉ፤ «ተፈቀደም» የሚል ዓረፍተ ነገርም አለ።

ካልለየላችሁ እንዲህ ጻፉ፦ «ስለ ጠባብ ዓይን መረብ መፈቀድ ተነሥቷል፤ መፈቀዱም ሆነ መከልከሉ አይነበብም (ገጽ 2፣ መስመር 4)»። ገጹንና መስመሩን አትተዉ፤ ዋናውን ወረቀት የያዘ ሰው ሄዶ እንዲያየው ነው።

«ጠባብ መረብ ጫጩት ዓሣ ይጨርሳል፣ ስለዚህ ከልክለው ነው የሚሆነው» የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። ይሄ የእናንተ እውቀት ነው፤ ወረቀቱ አላለውም። ሌላ ገጽ ላይ «በተከለከለው መረብ» የሚል ቃል በግልጽ ከተነበበ ግን ያንን ገጽ ጠቅሳችሁ መጻፍ ትችላላችሁ።

3 እና 8ም እንደዚሁ ይምታታሉ። የቁጥር ዝርዝርና ጠቅላላ ድምር ካለ ዝርዝሩን ደምሩትና ከጠቅላላ ድምሩ ጋር አስተያዩት።