የአስተያየት ካርድ ላይ ፎቅና ሰዓት ይኑር

ባሕር ዳር ባሉ ሆቴሎች ለምትሠሩ አንድ ነገር ላካፍላችሁ። ካርዳችሁ ላይ «ክፍሉና ቁርሱ እንዴት ነበር?» የሚል ጥያቄ ካለ ለሁለት ክፈሉት። አልጋው ተመችቶት ቁርሱ ያልጣመው እንግዳ ምን ብሎ ይመልስ?

ከዚያ ፎቅ፣ ቀንና ችግሩ የታየበትን ሰዓት መጻፊያ ጨምሩ። ስምና የክፍል ቁጥር ግን አትጠይቁ፤ በተለይ የአገራችን ሰው ይሉኝታ ይይዘውና «ሁሉም ጥሩ ነው» ብሎ ያልፋል።

ጥቅሙ ካርዶቹን ስትደረድሩ ይታያል። እንበል 9 ካርዶች «ሙቅ ውሃ የለም» ይላሉ። ጠረጴዛ ላይ በፎቅ ለዩዋቸው። 7ቱ ከላይኛው ፎቅ፣ ሰዓቱም ጠዋት ከሆነ፣ ወደ ዘጌ በጀልባ የሚሄዱት እንግዶች በአንድ ጊዜ ሻወር ሲገቡ ሙቅ ውሃው ሳያልቅ አይቀርም፤ በተለይ ሕንፃው በአንድ ማሞቂያ የሚሠራ ከሆነ። ለማረጋገጥ እዚያው ፎቅ ላይ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩልና ቀን 8 ሰዓት ላይ ቧንቧውን ክፈቱ። ቀን ሞቆ ጠዋት ከቀዘቀዘ እጥረት ነው። ሁልጊዜ ከቀዘቀዘ ብልሽቱን ፈልጉ።

ደግሞ ቁጥሩን ብቻ አትዩ። በጥምቀት ሰሞን ሆቴሉ ስለሚሞላ ቅሬታውም ይበዛል። ሳምንታትን ስታወዳድሩ ቅሬታውን በተያዙት ክፍሎች ብዛት አካፍሉ።