ማሽኑ አዲስ አበባ፣ ግብሩ አሜሪካ

አሜሪካ እየኖራችሁ አገር ቤት በዘመድ እጅ የቢትኮይን ማሽን ያላችሁ ሰዎች ሁልጊዜ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ወደ ዶላር ካልቀየርኩት ግብር አለብኝ?» አለባችሁ። የአሜሪካ የገቢ ግብር መሥሪያ ቤት ከ2014 ጀምሮ ክሪፕቶን የሚያየው እንደ ገንዘብ ሳይሆን እንደ ንብረት ነው፤ ዜጋና ቋሚ ነዋሪ ደግሞ ከየትኛውም አገር ያገኘውን ገቢ ያሳውቃል።

በማይኒንግ፣ ማለትም ማሽኑ ሠርቶ ያስገኘው ቢትኮይን እጃችሁ በገባ ዕለት፣ በዕለቱ ዋጋ ገቢ ይባላል። ያ ዋጋ መነሻችሁ ነው። በኋላ ስትሸጡት ወይም በሌላ ክሪፕቶ ስትለውጡት ከመነሻው በላይ ያለው ትርፍ ነው። መለዋወጥ በሬ ሰጥቶ ላም እንደ መቀበል ነው፤ ብር ባታዩም በሬው ተሸጧል።

የእኔን ላውራችሁ። በጃንዋሪ 2024 ማሽኔ 0.05 ቢትኮይን አስገባ፤ አንዱ ቢትኮይን 40,000 ዶላር ነበርና ገቢዬ 2,000 ዶላር ሆነ። በኦገስት ዋጋው 60,000 ሲደርስ የእህቴ ልጅ ዩኤስዲቲ በሚባለው፣ ዋጋው ከዶላር ጋር በታሰረ ክሪፕቶ ለወጠው፤ 3,000 ዶላር። ትርፉ 1,000 ነው፤ ዓመት ስላልሞላውም እንደ ደመወዝ ይቀረጣል።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ግን ዘግይቼ ነው፤ ቢትኮይኑ የሚገባበት ዲጂታል ቦርሳ የልጁ ነበርና። ቀኖቹን ስጠይቀው «ጋሼ፣ ተሽጦ አልቋል፤ ብሩ እማዬ ጋ ነው» አለኝ። የላከልኝ የስልክ ፎቶ ድምሩን ብቻ ያሳያል። ለካስ የሁለት ጓደኞቹም ገቢ እዚያው ቦርሳ ውስጥ ይገባ ኖሯል። ዝውውሩ ሁሉ የሚመዘገብበት ብሎክቼይን መቼና ስንት እንደገባ ይናገራል፤ የማን እንደሆነ ግን አይናገርም። ልጁ ሌባ አይደለም፤ ሌባ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ ቢያንስ የደበቀውን ይጽፍ ነበር። መነሻውን በማስረጃ ማሳየት ካልቻላችሁ ዜሮ ሊባል ይችላል። ያኔ በ2,000 ዶላሩ ላይ ግብር ከፍላችሁ፣ በ3,000ው ላይ ደግሞ በሙሉ ትከፍላላችሁ።

«በልጁ ስም ነው» ማለትም አያድንም። ማሽኑን የገዛችሁት እናንተ፣ ሽጥ አትሽጥ የምትሉትም እናንተ ከሆናችሁ እሱ ወኪል ነው፤ ገቢው የእናንተ ነው። ከልብ ከሰጣችሁት ሽያጭ አይደለም፤ ስጦታ ነው። ግን ከሰጣችሁ በኋላ «ሽጥና ለቤቱ ጣሪያ አውለው» አትበሉ።

አሁን ክፍያው በቀጥታ ወደ ራሴ ቦርሳ ይገባል፤ የየቀኑን መጠንና ዋጋ በሠንጠረዥ እመዘግባለሁ፤ ሽያጩን በ8949 ቅጽ እሞላለሁ። ልጁ ማሽኑን ይጠብቃል፤ ደመወዙን በየወሩ እልክለታለሁ። የቦርሳው ቁልፍ የሆኑትን 24 ቃላት ግን እናቱ ብትለምነኝም አልሰጥም። ለምናኛለችም።