ቲቪው የምስሉን ጠርዝ ሲቆርጥ፣ ወይም በጥቁር ፍሬም ሲከብበው

አንድ ወዳጄ ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቲቪው ጋር አገናኘና ደወለልኝ። «ታስክባሩ ጠፋ» አለኝ። ሄጄ ሳየው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ ከታች ቀጭን መስመር ብቻ ቀርቷል። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ እዚያው ቲቪ ላይ ምስሉ ጠበበና ዙሪያውን ጥቁር ፍሬም ያዘው። ሁለት ብልሽት ይመስላል፤ ግን ሥሩ አንድ ነው።

ምልክቱ

መጀመሪያ የት እንደተቆረጠ፣ ወይም ጥቁሩ የት እንዳለ እዩ። ከላይና ከታች ብቻ ጥቁር ካለና የምታዩት ፊልም ከሆነ አትነካኩት። ፊልሙ ከቲቪው ይልቅ ሰፋ ብሎ የተሠራ ነው። በግራና በቀኝ ብቻ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቪዲዮው የድሮው 4:3 ነው። ይህም ጤነኛ ነው። ይህን ጥቁር ለመሙላት ብላችሁ Zoom ስትጫኑ ነው ሰው ጭንቅላቱ የሚቆረጠው።

አራቱም ጎን ከተቆረጠ፣ ወይም አራቱም ጎን ጥቁር ከሆነ ግን ወደ ጉዳያችን መጣን። ላፕቶፕ ከሆነ የማውዙን ቀስት ወደ ላይኛው የግራ ጥግ ግፉት። ከስክሪኑ ወጥቶ ከተሰወረ ቲቪው እየቆረጠ ነው። ጥቁሩ ጋ ሲደርስ ከቆመ ምስሉን ያጠበበው ብዙ ጊዜ ላፕቶፑ ራሱ ነው።

ምክንያቱ

የድሮ ባለ ቱቦ ቲቪዎች የምስሉን ጠርዝ አስተካክለው መያዝ አይችሉም ነበር። ስለዚህ ምስሉ ትንሽ ተለጥጦ ጠርዙ ከመስታወቱ ውጭ እንዲቀር ይደረግ ነበር። ኦቨርስካን የሚባለው ይሄ ነው። ቱቦው ቀረ፣ ልማዱ ግን ብዙ ጠፍጣፋ ቲቪ ውስጥ አለ።

የወዳጄ ቲቪ ከስፋቱም ከቁመቱም 5 በመቶ ይቆርጥ ነበር። ከ1920×1080 ውስጥ የሚታየው 1824×1026 ብቻ ነው፤ እሱን መልሶ ለጥጦ ስክሪኑን ይሞላዋል። ከታች በኩል 27 ፒክስል ይሄዳል ማለት ነው። የእሱ ታስክባር 40 ፒክስል ነበር። የቀረችው ቀጭን መስመር ያቺ 13 ፒክስል ናት።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የምስሉን ቅርጽ 16:9 ላይ አድርጎ «ትክክል ነው እኮ» ይላል። 16:9 ስለ ቅርጹ እንጂ ስለ መቁረጡ አይናገርም። ብዙ ቲቪ 16:9 ላይ ሆኖም ይቆርጣል።

ወዳጄም ቲቪውን ትቶ በላፕቶፑ የግራፊክስ ሴቲንግ ምስሉን አጠበበው። ታስክባሩ መጣ። ጽሑፉ ግን ደበዘዘ፣ ምክንያቱም አሁን ላፕቶፑ ያጠበበውን ቲቪው መልሶ ይለጥጠዋል። ከዚያ ሌላ ሰው ሪሞቱን ነካክቶ የቲቪውን መቁረጥ አጠፋው። ላፕቶፑ ግን እንዳጠበበ ነው። ጥቁሩ ፍሬም የመጣው ከዚህ ነው።

መፍትሄው

ከላፕቶፑ ጀምሩ። ያጠበባችሁትን ሁሉ ወደ ነበረበት መልሱ። ኤኤምዲ ግራፊክስ ላይ HDMI Scaling የሚለው 0% ይሁን። ቲቪ ቦክስና የጌም ማጫወቻም የስክሪን ስፋት ማስተካከያ ስላላቸው እነሱንም እዩ። የሚላከው ምስል 1920×1080 መሆኑንም አረጋግጡ። በዚህ ሰዓት ምስሉ እንደገና ቢቆረጥ አትደንግጡ፣ የምንፈልገውም እሱን ነው።

ቀጥሎ ወደ ቲቪው የምስል መጠን ሜኑ ግቡ። የምትፈልጉት ምስሉን ሳይቆርጥ የሚያሳየውን ምርጫ ነው። ኤልጂ ላይ Just Scan፣ ሳምሰንግ ላይ Screen Fit ወይም Fit to Screen፣ ሶኒ ላይ Full Pixel ይባላል። ካላገኛችሁት የዚያን ኤችዲኤምአይ ስም ወደ PC ቀይሩት፤ ብዙ ቲቪ ስሙን ሲያይ መቁረጡን ይተዋል። ምርጫው ደብዝዞ አልነካም ካለ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ምስል የፒክስል ብዛቱ ዝቅተኛ ነው ማለት ነው።

ለማረጋገጥ 1920×1080 የሆነ ባዶ ምስል አዘጋጁና ጫፉ ላይ ዙሪያውን አንድ ፒክስል ቀይ መስመር አስምሩበት። ሙሉ ስክሪን ስታደርጉት አራቱም መስመር መታየት አለበት።

ልብ በሉ፣ ብዙ ቲቪ ይህን የሚያስታውሰው ለእያንዳንዱ መሰኪያ ለብቻው ነው። ገመዱን ከኤችዲኤምአይ 1 ወደ 2 ስታዛውሩ ቁርጡ ሊመለስ ይችላል። ቲቪው ምርጫው ጭራሽ ከሌለው ግን ከላፕቶፑ ከማጥበብ ሌላ መንገድ የለም፣ የጽሑፉንም መደብዘዝ መቻል ነው። ስክሪኑ 1366×768 ከሆነም እንዲሁ፦ ቁርጡ ይጠፋል፣ የ1080 ምስል ላይ ያለ ትንሽ ጽሑፍ ግን መቼም ጥርት አይልም።