ትርፉ መዝገብ ላይ አለ፣ መጋዘኑን ግን አይሞላም

ምልክቱ

ዋጋ በሚንርበት ዓመት የዘይት ጅምላ አከፋፋይ ሒሳቡን ሲዘጋ ጥሩ ትርፍ ያያል። ግብሩን ከፍሎ አስመጪው ዘንድ ሲሄድ ግን የሸጠውን ያህል ካርቶን መልሶ የሚገዛበት ገንዘብ ይጎድለዋል። ገንዘብ ያዡ ከመጠርጠሩ በፊት የክምችት ሒሳቡ ይመርመር።

ምክንያቱ

ድርጅቱ 100 ካርቶን በ2,000 ብር፣ ቀጥሎ 100 በ2,400፣ በመጨረሻም 100 በ2,800 ብር ገዛ እንበል፤ ጠቅላላው 720,000 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 200ውን በ3,000 ብር ሸጦ 600,000 ብር አገኘ። ዋጋዎቹ ተጨማሪ እሴት ታክስን አያካትቱም፤ ሌሎች ወጪዎችንም ለጊዜው እንተዋቸው።

ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል በሚለው ስልት የተሸጡት አሮጌዎቹ 200 ካርቶኖች ስለሆኑ ወጪያቸው 440,000፣ ትርፉ 160,000 ብር ይሆናል። በዓመቱ አማካኝ ዋጋ ከተሰላ አንዱ ካርቶን 2,400 ብር ስለሚወጣበት ወጪው 480,000፣ ትርፉ 120,000 ብር ነው።

አሁን 30 በመቶ ግብር ይቀነስ። በመጀመሪያው ስልት 48,000 ብር ተከፍሎ 552,000 ይቀራል፤ 200 ካርቶን በ2,800 ለመተካት ግን 560,000 ያስፈልጋል። ጉድለቱ ይኸው ነው። በአማካኝ ዋጋ 564,000 ስለሚቀር ክምችቱ ለጥቂት ይተካል።

መፍትሄው

ወደ አማካኝ ዋጋ መዞር ብቻውን አያድንም። የ40,000 ብሩ ልዩነት በቀሪው ክምችት ውስጥ ተቀምጧል፤ ያ ዕቃ ሲሸጥ ይገለጣል። ስልትን ግብር ባነሰበት ዓመት እየለዋወጡ መጠቀምም አይቻልም፤ የዓለም አቀፉ የሒሳብ መዝገብ ደረጃ ለውጡን የሚፈቅደው ይበልጥ አስተማማኝና ተገቢ መረጃ ሲሰጥ ነው፣ ያለፉት ዓመታት ሒሳብም እንደገና ይስተካከላል።

የሚያድነው የመተኪያ ዋጋን ከመዝገቡ ጎን ለብቻ መያዝ ነው። ከ160,000 ብሩ ውስጥ 120,000ው የዋጋ ንረት ያመጣው ስለሆነ ለባለአክሲዮን አይከፋፈል። በዚህ ምሳሌ ግብሩ ብቻውን ከቀሪው 40,000 ብር ስለሚበልጥ የመሸጫ ዋጋውም መነሳት አለበት፤ ክምችቱን ለመተካት ብቻ ወደ 3,058 ብር መድረስ ነበረበት።

ሌላ ምልክት

ኮምፒውተሩ አማካኝ ዋጋ ተመርጦለት ሳለ 440,000 ብር ወጪ ካሳየ አልተበላሸም። 200ዎቹ ካርቶኖች የተሸጡት ሦስተኛው ግዢ ከመግባቱ በፊት ከሆነ፣ በየግዢው የሚታደሰው አማካኝ 2,200 ብር ነበር። የዓመቱን አማካኝ የሚያሰላው የሒሳብ ሠራተኛ 480,000 ይላል። ደረጃው ሁለቱንም ስለሚፈቅድ የትኛው እንደተመረጠ በሒሳብ መመሪያው ላይ ይጻፍ፤ የግዢ ደረሰኞችም መጋዘን በገቡበት ቀን ይመዝገቡ፣ ዘግይቶ የተመዘገበ ግዢ አማካኙን ያዛባዋልና።