የሚድ ውጤት ስትልኩ ማርኩ የት እንደተቆረጠ ጻፉ

መምህራን፣ ለክፍሉ የሚድ ግብረ መልስ ስትልኩ ብዙዎች የሳቱትን አንድ ጥያቄ ዘርዝሩ። ለምሳሌ መኪናው ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና 60 ኪሎ ሜትሩን በሰዓት 60፣ ሲመለስ ዳገቱን በ40 ቢሄድ አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው? አብዛኛው ተማሪ ሁለቱን ደምሮ ለ2 ያካፍልና 50 ይላል።

እንዲህ ጻፉላቸው፦ «መሄጃው 1 ሰዓት፣ መመለሻው 1.5 ሰዓት ነው፤ 120 ለ2.5 ሲካፈል 48 ይመጣል። ከ5 ማርክ 2ቱ ሁለቱን ጊዜያት ላሰላ፣ 2ቱ ጠቅላላ ርቀትና ጊዜ ላወጣ፣ 1ዱ ለመልሱ ከነአሃዱ ነው።»

ስለዚህ ጊዜያቱን አስልቶ መጨረሻ ላይ 50 ያለ 2 ያገኛል፤ 50 ብቻ የጻፈ ዜሮ። ይህቺን ካልነገራችኋቸው «መልሳችን አንድ፣ ማርካችን ለምን ተለያየ?» የሚል ሰልፍ ቢሮ በር ላይ ይጠብቃችኋል።